አክስቴን ሞጆ ላይ አውርዳ ወደ ድሬዳዋ ላደረሰችልን የባቡር ሠራተኛ

በአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር ባቡር ላይ ትኬት የምትመረምር አንዲት ወጣት ሠራተኛን በአደባባይ ማመስገን እፈልጋለሁ። ያለ ፈቃዷ ስሟን አልጽፍም። የሥራ ባልደረቦቿ ግን ታሪኩን ሲያነቡ ማን እንደሆነች አያጡትም።

አክስቴ የምንጃር ገጠር ሰው ናት። ልጇ ድሬዳዋ ወልዳ ልታርሳት ስትነሳ ከዚያ በፊት ባቡር ተሳፍራ አታውቅም ነበር። ጎረቤታችን አዳማ ጣቢያ በር ድረስ ሸኛት። ከበሩ ወዲያ የሚያልፈው ትኬት የያዘ ብቻ በመሆኑ ከዚያ በኋላ ብቻዋን ነበረች። ቅቤዋንና የገንፎ ዱቄቷን ታቅፋ ስትጠብቅ አንድ ባቡር መጥቶ ቆመ፤ ሰው ሲገባ እሷም ገባች። ባቡሩ ግን ከድሬዳዋ መጥቶ ወደ አዲስ አበባ የሚያልፍ ነበር። የእሷ ባቡር ገና ከአዲስ አበባ በኩል እየመጣ ነው።

ማንም በእሷ ቦታ ቢሆን ይሳሳታል። መናኸሪያ ውስጥ ረዳቱ የሚሄድበትን ከተማ እየጠራ ይጭናል፤ መኪናውም ፊቱን ወደሚሄድበት አዙሮ ይቆማል። ባቡር ላይ የሚጣራ የለም። መቀመጫዎቹም ፊት ለፊት የተያዩ ስለሆኑ ግማሹ መንገደኛ ጀርባውን ሰጥቶ ነው የሚጓዘው፤ ወዴት እንደሚሄድ በመቀመጫው መለየት አይችልም።

አክስቴን ያነቃት ፀሐይዋ ነው። ድሬዳዋ በፀሐይ መውጫ በኩል መሆኑን ታውቃለች። ጊዜው ረፋድ ነው፤ በመስኮት ስታይ ግን ማሳውና ዛፉ ወደ ኋላ የሚሸሸው ወደ ፀሐይዋ ነበር። ደንግጣ ተነሥታ «ወራጅ አለ!» አለች። ባቡር ደግሞ ከጣቢያ ውጭ አይቆምም።

ያቺ ሠራተኛ የመጣችው በዚህ ጊዜ ነው። ትኬቱን አየች፤ «ከአዳማ ወደ ድሬዳዋ» ይላል። አልተቆጣቻትም፤ አጠገቧ ተቀመጠች። መጀመሪያ ያደረገችው በመገናኛ ሬዲዮ የድሬዳዋው ባቡር የት እንደደረሰ መጠየቅ ነው። ገና ቢሾፍቱ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው «እማማ፣ አይዞዎት፤ ባቡርዎ አላመለጠዎትም። እኛ ወደ እሱ እየሄድን ነው» ያለቻት።

ወረቀት አውጥታ አንድ ረጅም መስመር አሰመረችና ጣቢያዎቹን በተራ አስቀመጠችላት፤ ለቡ፣ ቢሾፍቱ፣ ሞጆ፣ አዳማ፣ መተሐራ፣ አዋሽ፣ ሚኤሶ፣ ድሬዳዋ። አክስቴ ማንበብ አትችልም፤ ስለዚህ ጣቷን ይዛ በየነጥቡ ላይ እያስኬደች ስማቸውን አስጠናቻት። «ከአዳማ ሲነሱ ቀጥሎ ሞጆ ከተባለ ወደ አዲስ አበባ እየሄዱ ነው። መተሐራ ከተባለ ወደ ልጅዎ ነው።» አዳማ ላይ ለሚሳፈር ሰው ከዚህ የበለጠ ምልክት እኔ አላውቅም። የባቡሩ መልክ ያው ነው፤ አቅጣጫውን የሚናገረው ቀጣዩ ጣቢያ ነው።

የባቡሩን ቦታ አስቀድማ የጠየቀችበትን ምክንያት በኋላ ሳስበው ነው የገባኝ። ከሰበታ እስከ አዳማ ሐዲዱ ጥንድ ነው፤ ሁለት ባቡሮች አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ በመንገድ ላይ ሊተላለፉ ይችላሉ። ከአዳማ ወደ ምሥራቅ ግን ሐዲዱ ነጠላ በመሆኑ፣ ፊት ለፊት የሚመጡ ባቡሮች የሚተላለፉት አንዱ ጣቢያ ላይ ቆሞ ሲጠብቅ ነው። እንግዲህ የድሬዳዋው ባቡር ቀድሞ ሞጆን አልፎ ቢሆን ኖሮ፣ አክስቴን እዚያ ማውረድ ምንም አይጠቅማትም ነበር። በመኪና ወደ አዳማ ተመልሳ ሌላ ቀን የሚነሳ ባቡር መጠበቅ ነበረባት። ሳያጣሩ «ሞጆ ውረጂ» ማለት ቀላል ነው፤ ይህች ልጅ ግን አጣርታ ነው ያወረደቻት።

ሞጆ ሲደርሱ ዕቃዋን ራሷ ተሸክማ አወረደችላት። ለጣቢያው ሠራተኛ አስረክባ፣ የሆነውን በትኬቱ ጀርባ ላይ ጻፈችላት። አክስቴ ከሞጆ እስከ አዳማ ያለውን ሒሳብ እዚያው ከፈለች። የጣቢያው ሠራተኛ ወደ ማዶው መድረክ አሻግሯት፣ ባቡሩ እስኪመጣ አብሯት ቆመ፤ ለእሱም ምስጋናዬ ትልቅ ነው። ከዚያ አዳማን በመስኮት አየቻት። ቀጥሎ የመተሐራ ስም ሲጠራ «ይኸው ወደ ልጄ ነው» ብላ አጠገቧ ለተቀመጡት ነግራለች።

እናት አባቱን ለመጀመሪያ ጊዜ በባቡር የሚልክ ሰው ካለ፣ ሲሳፈሩ ትኬታቸውን አውጥተው በሠረገላው በር ላይ ለሚቆመው ሠራተኛ እንዲያሳዩ ይንገራቸው። ይህችን ልጅ ያገኘ ደግሞ በሙሉ ልብ አደራውን ይስጣት። አለቆቿም ይህን ካነበቡ በመዝገቧ ላይ እንዲያሠፍሩላት በአክብሮት እጠይቃለሁ። አክስቴ ለሕፃኑ ክርስትና እንድትገኝላት ጠርታታለች፤ ጥሪውን በዚህ ጽሑፍ አድርሻለሁ።