እህል፣ ዱቄትና በርበሬ በምን ይቀመጥ? ማዳበሪያ፣ ፒክስ ከረጢት፣ ባልዲ ወይስ ብልቃጥ

ክረምት ሳይገባ እህል ለመሸመት ያሰባችሁ መርካቶ ምናለሽ ተራ ወርዳችሁ በርሜል ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ነገር እወቁ፣ እርጥበት የማያስገባ ክዳን እርጥበት አያስወጣምም። ያልደረቀ እህል ጥርቅም አድርጎ በሚዘጋ ዕቃ ውስጥ ከተከተተ ከማዳበሪያው ብሶ ይሻግታል። ስለዚ መጀመሪያ መድረቁን እዩ፣ ቀላል ዘዴ አለ፦ የደረቀ ጠርሙስ ሲሶውን እህል ትሞሉና ሁለት ሶስት ማንኪያ ደረቅ ጨው ጨምራችሁ በደንብ ትነቀንቁታላችሁ፣ 15 ደቂቃ አቆይታችሁ ስታዩት ጨው ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ እህሉ ርጥብ ነው፣ ጸሀይ ላይ ይሰጣ። ካልተለጠፈም ያን ያህል አትተማመኑ፣ ይሄ ዘዴ የሚይዘው እርጥበቱ ከ15 ፐርሰንት በላይ የሆነውን ነው፣ ለማስቀመጥ የሚፈለገው ግን ከ13 በታች ነው፣ ስለዚ ትንሽ ተጨማሪ ጸሀይ አይጎዳም።

እህል ላይ ፉክክሩ በተራ ማዳበሪያና በፒክስ ከረጢት መሀል ነው። ለጤፍ ማዳበሪያው ይበቃል ባይ ነኝ፣ ፍሬዋ በጣም ደቃቅ ስለሆነች ነቀዝ እምብዛም አይደፍራትም፣ ከሲሚንቶው ወለል በእንጨት ከፍ አድርጋችሁ ከግድግዳ ትንሽ አራቁት በቃ። ስንዴ፣ በቆሎ፣ ሽምብራና ባቄላ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የስንዴ ነቀዝ ፍሬውን በስቶ እንቁላሉን ውስጥ ያስቀምጥና መልሶ ይደፍነዋል፣ ስለዚ ለአይን ንጹህ የሆነ ስንዴ ገዝታችሁ ነቀዙን አብራችሁ ቤት ታስገባላችሁ፣ ማዳበሪያው ደግሞ አየር ስለሚያስገባ እሱ እዛው ይራባል። ፒክስ ከውጭ ማዳበሪያ ይምሰል እንጂ ውስጡ ሁለት ወፍራም ላስቲክ አለው። አየሩን በእጃችሁ ተጭናችሁ ታስወጡና የእያንዳንዱን አፍ ጠምዝዛችሁ አጥፋችሁ ለየብቻ ታስራላችሁ፣ ውስጥ ያለው ነቀዝ የቀረችውን ኦክስጅን ይጨርስና ያለ ምንም መድኃኒት ይሞታል። ድክመቱ በየቀኑ ለሚከፈት ነገር አይሆንም፣ በከፈታችሁት ቁጥር አየር ታድሱለታላችሁ፣ አይጥ ከበሳውም ተራ ማዳበሪያ ሆነ ማለት ነው። ለነቀዝ የሚሸጠውን ክኒን ግን እባካችሁ ሰው የሚተኛበት ቤት አታስገቡ፣ የሚያወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥማ ጭራሽ አይታሰብም።

ዱቄት ላይ እኔ በርሜል አልመክርም፣ ትልቅ ስለሆነ አጋማሽ ላይ ሲደርስ ከላይ አየር ብቻ ይሆናል፣ አንዱ ጥግ ከተበላሸም ሙሉው ይሄዳል። ውስጡ ጎማ ያለው ክዳን ያላቸው ባለ 20 ሊትር ባልዲዎች ይሻላሉ፣ አንዱ ወደ 12 ኪሎ ገደማ ዱቄት ይይዛል። ለምሳሌ 50 ኪሎ ጤፍ የገዛ ቤተሰብ ሙሉውን ከሚያስፈጭ 25 ኪሎውን ያስፈጭና በሁለት ባልዲ ያድርገው፣ አንዱ ሳያልቅ ሌላው አይከፈትም፣ የቀረው ጤፍ እህሉ እንዳለ ይቆያል። ደሞ ከወፍጮ ቤት የመጣ ዱቄት ትኩስ ነው፣ ቶሎ ከከደናችሁት እንፋሎቱ ክዳኑ ላይ ጤዛ ይሰራና ተመልሶ ይንጠባጠባል፣ ከላይ የሚታየው ጓል የሆነ ዱቄትና የሻገተ ሽታ ከዛ ነው የሚመጣው። ንጹህ አንሶላ ላይ ዘርጉት፣ እጃችሁን ወደ ውስጥ ስትከቱ ሙቀት እስካልተሰማችሁ ድረስ አትክደኑት። ባልዲውን ስትገዙ ባዶውን ከድናችሁ ከላይ ተጫኑት፣ አየር ሲያፈስ ከተሰማችሁ ሌላ ምረጡ። ያገለገለ ከሆነ አሽትቱ፣ ቀለም ወይ ኬሚካል የነበረበትን ምንም ብታጥቡት ለምግብ አይሆንም።

በርበሬ፣ ሚጥሚጣና ኮረሪማ ላይ ብልቃጥ ፕላስቲኩን በደንብ ይበልጠዋል፣ ሽታ አያስቀርም፣ ክዳኑም ጥብቅ ነው። ግን ብርሃን ስለሚያሳልፍ መደርደሪያ ላይ ካስቀመጣችሁት በርበሬው ቀለሙ ይገረጣል፣ ቁምሳጥን ውስጥ ይግባ። ቆርቆሮ ብርሃኑን ይከለክላል፣ ክረምት ላይ ግን ዝገቱን እዩለት። 5 ኪሎ በርበሬ ካስፈጫችሁ በአንድ አንድ ኪሎ ከፋፍላችሁ አሽጉትና ለየቀኑ የምትጠቀሙበትን ትንሽ ብልቃጥ ለይታችሁ ያዙ። እሷንም የሚንተከተከው ቁሌት ላይ ይዛችሁ አታራግፉባት፣ እንፋሎቱ ገብቶ በርበሬው የሚጓጉለው በዛ ነው፣ በደረቅ ማንኪያ ከድስቱ ራቅ ብላችሁ ቅዱ። ሻጋታ ያያችሁበትን በርበሬ ግን ከላይ ገፋችሁ የቀረውን አትጠቀሙ፣ አንዳንዱ ሻጋታ የሚያመርተው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ በማብሰል አይጠፋም፣ ሙሉውን ጣሉት።

ባጀታችሁ ለአንድ ነገር ብቻ ከሆነ መጀመሪያ የዱቄት ባልዲውን ግዙ፣ ስንዴና ሽምብራ በብዛት የምትሸምቱ ከሆነ ግን ፒክሱ ይቅደም።