የመኪና ኢንሹራንስ ለምታማርጡ፦ አንዲት ጎበዝ ደላላ ልጠቁማችሁ

ይህ ምስጋና ለአንዲት የኢንሹራንስ ደላላ ነው። ሦስት ኩባንያዎች ለመኪናዬ የሰጡኝን ዋጋ ስክሪንሾት አድርጌ ላክሁላትና «የቱን ልያዝ?» አልኳት። እሷ ግን መልሳ ጠየቀችኝ፦ «የመጀመሪያው ላይ 9,000 የሚለው ለስንት ጊዜ ነው?»

ከሥሩ በደቃቅ ፊደል «ለ6 ወር» ይላል። የዓመት አረቦኑ 18,000 ነው ማለት ነው። ርካሽ የመሰለው ከሁሉም ውድ ሆኖ አረፈው! የሦስተኛው ስክሪንሾት ደግሞ ግርጌው ተቆርጧል። የሽፋን ጣሪያው የተጻፈው እዚያ ስለሆነ ሙሉውን አስላከችኝ።

ከዚያ ሦስቱንም ጎን ለጎን ጻፈቻቸው። የመጀመሪያው አረቦን 18,000፣ ተቀናሽ 3,000። ሁለተኛው አረቦን 14,000፣ ተቀናሽ 10,000። የሁለቱም ጣሪያ 500,000 ነው። ሦስተኛው አረቦኑ 11,500 ብቻ፣ ተቀናሹ 10,000፣ ጣሪያው ግን 150,000።

ተቀናሽ ጉዳት በደረሰ ቁጥር ከኪሳችን የምንሸፍነው ድርሻ ነው። ስለዚህ ስንቴ እንደምጋጭ መገመት ነበረብን። የአነዳድ ታሪኬን ጠይቃ መካከለኛ ግጭት በ5 ዓመት አንዴ፣ 400,000 የሚያስወጣ ከባድ አደጋ ደግሞ በ50 ዓመት አንዴ ብላ ያዘች። በዚህ ግምት ተቀናሹ ለ5 እና ለ50 ዓመት ተካፍሎ አረቦኑ ላይ ሲደመር፣ የመጀመሪያው በዓመት 18,660 ያስወጣኛል፣ ሁለተኛው 16,200።

ሦስተኛው ላይ ቆም አለች። ከባድ አደጋ ቢደርስ ኩባንያው 150,000 ከፍሎ እጁን ይሰበስባል፤ 250,000 እኔ ላይ ይወድቃል። ያ ለ50 ዓመት ሲካፈል በዓመት 5,000 ነው። ከአረቦኑና ለመካከለኛው ግጭት ከተያዘው 2,000 ጋር 18,500 ይሆናል። ርካሹ አረቦን የት ገባ?

ግምቱ ቢሳሳትስ አልኳት። ከባዱን አደጋ በ100 ዓመት አንዴ አድርጋ ደግማ አሰላችው። አሁን ሦስተኛው 16,000፣ ሁለተኛው 16,100 ሆነ። «ለ100 ልዩነት ብላችሁ 250,000 ትሸከማላችሁ?» አለች፣ ባለቤቴም አጠገቤ ሆና ትሰማ ነበር።

የመጀመሪያው የሚያዋጣው ለማን ነው? በአረቦን ከሁለተኛው 4,000 ይበልጣል፤ በእያንዳንዱ ግጭት ደግሞ 7,000 ያድናል። ስለዚህ በሁለት ዓመት ውስጥ ከአንዴ በላይ ለሚጋጭ ሰው ነው። ወይም 10,000 በአንዴ ማውጣት ለሚከብደው። እኔ ሁለተኛውን ያዝኩ።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ኮሚሽኗ ከአረቦኑ ላይ በመቶኛ እንደሚታሰብላት ገና ሳልጠይቃት ነግራኛለች። የመጀመሪያውን ብታስይዘኝ የበለጠ ታገኝ ነበር።

አድራሻዋን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስክሪንሾት ስትልኩላት ግን ከላይ እስከ ታች ሙሉውን ይሁን፤ በተቆረጠ ወረቀት አታሰላም።