24 ኢንች ወይስ 27 ኢንች? ለጽሑፍ ሥራ የሚሆን ሞኒተር

የእህቴ ልጅ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፏን እየጻፈች ነው። ሞኒተር ልንገዛላት ፒያሳ ሄድን። ምርጫው ሁለት ላይ ወደቀ። አንዱ 24 ኢንች፣ የስክሪኑ ዓይነት አይፒኤስ፣ 75 ኸርዝ፣ ማለትም ምስሉን በሰከንድ 75 ጊዜ የሚያድስ። ሌላው 27 ኢንች፣ የስክሪኑ ዓይነት ቪኤ፣ 165 ኸርዝ። የሁለቱም ሪዞሉሽን፣ ማለትም ምስሉን የሚሠሩት ፒክስል የሚባሉ ጥቃቅን ነጥቦች ብዛት፣ 1920 በ1080 ነው። የእሷ ዓይን ትልቁ ላይ ቀረ።

ችግሩ እዚህ ጋ ነው። የፒክስሉ ብዛት እኩል ስለሆነ ትልቁ ላይ እያንዳንዱ ፒክስል ይሰፋል። 24ቱ በአንድ ኢንች 92 ያህል ፒክስል አለው፤ 27ቱ 82 ያህል ብቻ። ለፊልም ብዙም አይጎዳም። ለአማርኛ ጽሑፍ ግን ይጎዳል። ዎርድ ከፍተን በትንሽ ፊደል «ጩ ጪ ጬ» ብለን ጻፍን። 24ቱ ላይ ሦስቱም ጥርት ብለው ተለዩ። 27ቱ ላይ የጬ ቀለበት ሊደፈን ደርሶ ከጪ ጋር ተምታታብን።

ከዚያ ወደ ጎን ፈቀቅ ብለን አየን። ቪኤው ቀለሙ ገረጣ፤ አይፒኤሱ ብዙም አልተለወጠም። ጓደኛዋ አጠገቧ ተቀምጣ ስታነብ ይህ ልዩነት ያመጣል። እውነቱን ለመናገር የቪኤው ጥቁር ይበልጥ ይጠቁራል፤ ማታ ፊልም ለሚያይ ደስ ይላል።

165 ኸርዙስ? ገጽ ስታወርዱ እንቅስቃሴው ይለሰልሳል እንጂ የቆመ ፊደል አያጠራም። ለጽሑፍ 75 በቂ ነው።

24ቱን ገዛን። 27ቱ 2560 በ1440 ቢሆን ኖሮ በአንድ ኢንች 109 ያህል ፒክስል ይኖረው ነበር፤ ያኔ እኔም ትልቁን እል ነበር።