የአይ አር ኤስን የቅጣት ደብዳቤ አስረድታ ላስነሳችልን እህት ምስጋና

ከወንድም፣ ከእህት ወይም ከጓደኛ ጋር በኤል ኤል ሲ ሱቅ ወይም ምግብ ቤት ከፍታችሁ አሜሪካ የምትሠሩ ሁሉ ይህን አንብቡልኝ። የማመሰግናት እህት ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ የምትሠራ ኢንሮልድ ኤጀንት ናት፤ ማለትም በአይ አር ኤስ ፊት ሰውን ወክላ ለመቅረብ ፈቃድ ያላት የግብር ባለሙያ።

እኔና ታላቅ እህቴ በርበሬ፣ ሽሮና እንጀራ የምንሸጥበት ሱቅ አለን፤ ድርሻችን እኩል ነው። ባለፈው ዓመት ሲፒ 162 የሚባል ደብዳቤ መጣብን፤ 2,450 ዶላር ክፈሉ ይላል። እህቴ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳትም። የ2024ን ግብር እያንዳንዳችን ከፍለናል፣ ሱቁም ያን ያህል አላተረፈም፤ ታዲያ ይሄ ከየት መጣ?

ባለሙያዋ ደብዳቤውን ተቀብላ መጀመሪያ ያየችው ጥግ ላይ ያለውን ቁጥር ነው። ከዚያ «እትዬ፣ ይሄ ግብር አይደለም። የሱቁ ሪፖርት ዘግይቶ በመግባቱ የተጣለ ቅጣት ነው፤ ሱቁ ባያተርፍም ይመጣል» አለቻት። ሁለት ባለቤት ያለው ኤል ኤል ሲ ሌላ ምርጫ ካላደረገ እንደ ሽርክና ስለሚታይ ፎርም 1065 ያስገባል። ሽርክናው ራሱ የገቢ ግብር አይከፍልም፤ ትርፉ ኬ-1 በሚባለው ወረቀት ለባለቤቶቹ ይከፋፈልና በየግል ግብራቸው ይገባል። ሪፖርቱ ግን ቀነ ገደብ አለው። የ2024 ሪፖርት ቀነ ገደብ፣ ማርች 15 ቅዳሜ ስለዋለ፣ እስከ ማርች 17፣ 2025 ነበር። የቀድሞው አካውንታንታችን ያስገባው ኦገስት ላይ ነው።

ሒሳቡን በወረቀት ጻፈችልን። ለዚያ ዓመት ሪፖርት ቅጣቱ በአንድ ባለቤት በወር 245 ዶላር ነው፤ የተጀመረ ወር እንደ ሙሉ ወር ይቆጠራል። ሁለት ሰው፣ አምስት ወር፦ 2,450። ጨርሶ ባይገባ ኖሮ እስከ 12 ወር ይቆጠርና 5,880 ይደርስ ነበር። በዚያች ወረቀት ነው እህቴ ትንፋሿ የተመለሰው።

ከዚያ የማራዘሚያው ፎርም 7004 ገብቶ እንደነበር አጣራች። በጊዜው ገብቶ ቢሆን ቀነ ገደቡ ወደ ሴፕቴምበር ይሻገርና ቅጣቱ ከሥሩ ይወድቅ ነበር። አልገባም። እኔ «ጥፋቱ የአካውንታንቱ ነው ብለን እንጻፍ» ስላት አይሆንም አለችኝ፦ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1985 ቦይል በሚባለው ጉዳይ፣ ሪፖርቱን ባለሙያ ያስገባልኛል ብሎ መተው ብቻውን ለመዘግየት በቂ ምክንያት እንደማይሆን ወስኗል። ብዙ ሰው ደብዳቤውን በዚህ ቅሬታ ሞልቶ ይልክና እምቢ ይባላል።

እሷ የሄደችበት መንገድ ሌላ ነው። አይ አር ኤስ 84-35 የሚባል የቆየ መመሪያ አለው፤ ባለቤቶቹ ከ10 ያልበለጡ፣ ግለሰቦችና የአሜሪካ ነዋሪዎች ከሆኑ፣ ድርሻቸው በገቢውም በወጪውም በተመሳሳይ መጠን ከተከፋፈለ፣ እያንዳንዳቸውም ድርሻቸውን በግል ግብራቸው ላይ በጊዜው ካስገቡ ቅጣቱ ሊነሳ ይችላል። እኔና እህቴ የግላችንን እስከ ኦክቶበር አራዝመን ስለነበር ከሱቁ የደረሰንን ሁሉ ጨምረን በጊዜው አስገብተናል። የሁለታችንን ኬ-1 ከግል ፎርማችን ጋር መስመር በመስመር አመሳከረች። አንዷ ብትጎድል ኖሮ ይህ በር ይዘጋ ነበር።

ለሦስት ዓመት ንጹሕ ሪከርድ ላለው ሰው የሚሰጥ ምሕረትም አለ። እሱን አስቀድማ አላነሳችም፤ አንዴ ከተጠቀማችሁበት ቀጥሎ ባሉት ዓመታት ስለማታገኙት «ለክፉ ቀን ይቀመጥ» አለችን። ይህን ማሰቧን ነው ከሁሉ በላይ የወደድኩላት።

ፎርም 2848 ፈርመን ውክልና ሰጠናት። ደብዳቤውን ጻፈች፤ ያልነው እውነት መሆኑን በሕግ ተጠያቂነት ፈረምን፤ ደረሰኝ ባለው ሰርቲፋይድ ሜይል ተላከ። ቸኮል ያለችው ወለዱን በማሰብ ነው፦ እንዲህ ያለው ቅጣት ከማሳወቂያው ቀን ጀምሮ በ21 ቀን ውስጥ ከተከፈለ ወለድ የለውም፣ ካለፈ ግን ይታሰባል። እምቢ ቢሉ ይግባኝ እንዳለ፣ ዝም ብንል ደግሞ ማስጠንቀቂያ በማስጠንቀቂያ ላይ ተከታትሎ እስከ ባንክ ሒሳብ መያዝ ሊደርስ እንደሚችል ሳትደብቅ ነገረችን።

ከጥቂት ወራት በኋላ ቅጣቱ ሙሉ በሙሉ መነሣቱን የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሰን። እግዚአብሔር ይስጥልን፣ እህታችን። ዋጋዋን ሥራውን ከመጀመሯ በፊት ቁርጡን ነገረችን፣ ኋላም ሳንቲም አልጨመረችም።

ስልኳን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስትሄዱ ደብዳቤውን ከነፖስታው፣ የየባለቤቱን ኬ-1 እና የግል ግብር ኮፒ ይዛችሁ ሂዱ፤ መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እነዚህን ነው።