የክፍል ፕሮግራም ከስክሪንሾት ወደ ካላንደር፦ አፕ ይገዛ ወይስ በእጅ ይግባ?

ሴሚስተር በተከፈተ ቁጥር ጓደኞቼ ያንኑ ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ። የክፍል ፕሮግራማቸው በስክሪንሾት ተልኮላቸዋል፣ ስልካቸው ካላንደር ላይ መግባት አለበት፣ «ፎቶውን አንብቦ ራሱ የሚያስገባ አፕ አለ አሉ፣ ልክፈልበት?» ይሉኛል። አትክፈሉ። መልሴ ይኸው ነው፤ ምክንያቱን ደግሞ ልንገራችሁ።

መንገዱ በዋናነት ሦስት ነው። አንደኛው ያ የሚከፈልበት አፕ ነው። ሁለተኛው ጽሑፉን ከምስሉ ላይ በነፃ ገልብጦ፣ CSV የሚባለውን የሰንጠረዥ ፋይል ሠርቶ በአንድ ጊዜ ማስገባት ነው። ሦስተኛው ዝርዝሩን በእጅ ጽፎ እያንዳንዱን ትምህርት በየሳምንቱ እንዲደጋገም አድርጎ መመዝገብ ነው። እኔ የሦስተኛው ወገን ነኝ፣ አልደብቅም። ከሁሉም በፊት ግን የትምህርት ቤታችሁን ድረ ገጽ ፈትሹ። ፕሮግራሙን .ics በሚባለው የካላንደር ፋይል የሚያወርድ ቁልፍ ካለው እሱን አስገቡና ስክሪንሾቱን እርሱት፤ ይህን ጽሑፍም እዚሁ ማቆም ትችላላችሁ።

ከዋጋው እንጀምር። እነዚህ አፖች አንዴ ከፍላችሁ የምትገላገሏቸው አይደሉም፤ አብዛኞቹ የሚያስከፍሉት በወር ወይም በዓመት ነው። የክፍል ፕሮግራም ደግሞ በዓመት ሁለት ቢበዛ ሦስት ጊዜ ነው የሚቀየረው። የዓመቱን ክፍያ ለሁለት አካፍሉትና ለአንድ ሴሚስተር ስንት እንደደረሰ እዩት። ያ ሁሉ ገንዘብ በእጅ ቢሠራ ግማሽ ሰዓት ለማይፈጅ ሥራ ነው። «ለጥቂት ቀን በነፃ ሞክሩት» የሚለው ደግሞ ይብሳል፣ ምክንያቱም ሰው ሞክሮ አልወደደውም እንበል፣ አፑን ከስልኩ ያጠፋና ተገላገልኩ ይላል፣ ክፍያው ግን ይቀጥላል። አይፎን ላይም ሆነ ጎግል ፕሌይ ላይ ሳብስክሪፕሽን የሚቆመው አካውንት ውስጥ ገብታችሁ ስትሰርዙት ብቻ ነው። አይፎን ላይ ደግሞ የነፃው ጊዜ ሊያልቅ ቢያንስ 24 ሰዓት ሲቀረው መሰረዝ አለበት።

ኮፒዎቹም አሉ። ስሙ ከታወቀው አፕ ጋር በአንድ ፊደል የሚለይ፣ ምልክቱ ቁርጥ እሱን የመሰለ። እኔ የምለየው በአንድ ነገር ነው። ደህናው አፕ መጀመሪያ ያነበበውን ያሳያችኋል፣ አርማችሁ ስትስማሙ ብቻ ወደ ካላንደር ያስገባል። ኮፒው ምን እንዳነበበ ሳያሳይ ካርድ ይጠይቃል፣ በዚያ ላይ ደግሞ ኮንታክታችሁንና ኢሜይላችሁን ለማየት ፈቃድ ይፈልጋል። ለአንድ የክፍል ፕሮግራም ኢሜይሌን የማስነብበው ለምንድን ነው?

ዋጋውን እንተወው ቢባል እንኳ ሥራው ራሱ ያናድዳል። አንድ ፕሮግራም እንውሰድ። ከላይ ከሰኞ እስከ ዓርብ ተጽፏል፣ በግራ በኩል ሰዓቱ ወደ ታች ይወርዳል። በ9:00 መስመር ላይ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ሒሳብ አለ። ማክሰኞ ባዶ ነው። ሐሙስ ከ9:00 እስከ 12:00 ላብ፣ ማለትም የላብራቶሪ ክፍለ ጊዜ ነው፤ ሦስቱ ሳጥን ተዋህዶ አንድ ረጅም ሳጥን ሆኗል፣ «ላብ» የሚለው ቃል ደግሞ መሃሉ ላይ ተቀምጧል። በ10:00 ማክሰኞ ፊዚክስ አለ። ሰኞና ረቡዕ ከሰዓት «1:30–3:00» እንግሊዝኛ ነው፣ AM ይሁን PM አልተጻፈም።

ከምስል ላይ ጽሑፍ የሚለቅም ነገር ሁሉ የሚያየው ቃሉን ነው። ባዶ ሳጥን ቃል ስለሌለው ብዙ ጊዜ የለም ብሎ ያልፈዋል። ስለዚህ የ9:00ንና የ10:00ን መስመር ሲያነብ የሚያገኘው ይህን ነው፦

```
9:00 ሒሳብ ሒሳብ ሒሳብ
10:00 ፊዚክስ ላብ
```

ሦስቱን ሒሳብ በተርታ ሲያስቀምጣቸው ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ ይሆናሉ። የዓርቡ ክፍል ጠፋ ማለት ነው። ቀጣዩ መስመር ላይ ፊዚክስ ወደ ሰኞ ተገፋ። ላቡ የባሰው ነው፤ ቃሉ የተዋሃደው ሳጥን መሃል ላይ ስለተጻፈ ከ10:00 ጋር ትይዩ ሆኗል፣ ስለዚህ የሐሙስ 9:00 ላብ የማክሰኞ 10:00 ላብ ሆኖ ይገባል፣ ርዝመቱም ከሦስት ሰዓት ወደ አንድ ይወርዳል። እንግሊዝኛውን ደግሞ PM ስለሌለው ሌሊት 1:30 ላይ ሊያስገባው ይችላል። በወር እይታ ስታዩት ሁሉም ሳጥን ሞልቶ ያምራል፣ ማንም አይጠረጥርም።

ሳጥኖቹን መስመር በመስመር ለይተው የሚያነቡ ደህና አፖች የሉም አልልም። ግን እነሱም ቢሆኑ ሳጥን በሳጥን ከምስሉ ጋር ማመሳከር አይቀርላችሁም። ካመሳከራችሁ ደግሞ መጻፉ ምን ቀረው?

ሁለተኛው መንገድ ነፃ ነው፣ ለዚህ ብቻ አከብረዋለሁ። ጎግል ካላንደር የሚቀበለው ፋይል ይህን ይመስላል፦

```
Subject,Start Date,Start Time,End Date,End Time
ፊዚክስ,02/03/2026,10:00 AM,02/03/2026,11:00 AM
```

እዚህ ላይ ወሩ ነው የሚቀድመው። ይህ ፌብሩዋሪ 3፣ 2026 ነው፣ ማክሰኞ። ቀን አስቀድማችሁ መጻፍ ከለመዳችሁ ግን ይህን ማርች 2 ብላችሁ ነው የምታነቡት፣ እሱ ደግሞ ሰኞ ላይ ይውላል። የቀኑ ስም ከምስሉ ጋር አልገጥም ካላችሁ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ይህን ነው። ትልቁ ችግር ግን CSV መደጋገምን አለማወቁ ነው። እያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ የራሱን መስመር ይፈልጋል። የኛ ፕሮግራም በሳምንት ሰባት ክፍለ ጊዜ አለው፤ ለ15 ሳምንት 105 መስመር ይሆናል። ጎግል ላይ ማስገባት የሚቻለው ከኮምፒውተር ብቻ ነው፣ የገባውን በአንድ ቁልፍ መመለስ ደግሞ አይቻልም። ዋና ካላንደራችሁ ላይ አስገብታችሁት ከተበላሸ አንድ በአንድ መልቀም ነው። በዚህ መንገድ መሄድ ካለባችሁ መጀመሪያ «ክፍል» የሚባል አዲስ ካላንደር ክፈቱና እዚያ ውስጥ አስገቡት፤ ከተበላሸ ካላንደሩን ራሱን ታጠፉታላችሁ።

አሁን ወደ እኔ ምርጫ። ስክሪንሾቱን ከፍታችሁ ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ታች አንብቡ። የሰኞን አምድ ከላይ እስከ ታች ጨርሱ፣ ከዚያ ማክሰኞን። እንዲህ ሲሆን ባዶው ሳጥን ቀኑን ሊያዛባው አይችልም። የተዋሃደ ሳጥን ሲያጋጥማችሁ ቃሉን ሳይሆን የሳጥኑን የላይና የታች ጠርዝ ተከትላችሁ ሰዓቱን እዩ። ሰዓቱን በ24 አቆጣጠር ጻፉት። በአፍ የምትሉትን ሳይሆን የስልኩ ካላንደር የሚያሳየውን ቁጥር ማለቴ ነው።

```
ሰኞ    09:00–10:00 ሒሳብ
ሰኞ    13:30–15:00 እንግሊዝኛ
ማክሰኞ 10:00–11:00 ፊዚክስ
ረቡዕ   09:00–10:00 ሒሳብ
ረቡዕ   13:30–15:00 እንግሊዝኛ
ሐሙስ  09:00–12:00 ላብ
ዓርብ   09:00–10:00 ሒሳብ
```

ቀኖቹ በእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ ተጽፈው ከሆነ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች T ለማክሰኞ፣ R ለሐሙስ ይጠቀማሉ። TR ማለት ማክሰኞና ሐሙስ ነው።

ሰባቱ መስመር ወደ ካላንደር ሲገባ አራት ምዝገባ ብቻ ይሆናል፣ ምክንያቱም ሒሳብ ሦስቱም ቀን ሰዓቱ አንድ ነው፣ እንግሊዝኛም ሁለቱም ቀን። አራት ከ105 ጋር። ሒሳብን ስታስገቡ የመጀመሪያውን ቀን ትምህርት በሚጀመርበት ሳምንት ሰኞ ላይ አድርጉ፣ ፌብሩዋሪ 2 እንበል። መደጋገሚያው ውስጥ Custom ገብታችሁ ቀኖቹን ምረጡ። ጎግል እዚያ ላይ ቀኖቹን S M T W T F S ብሎ ነው የሚደረድራቸው፣ ሁለቱ T እና ሁለቱ S ስለሚመሳሰሉ የምትነኩትን እዩ። Ends የሚለው ላይ የሴሚስተሩን መጨረሻ ስጡት፣ ሜይ 15 እንበል፤ አለበለዚያ ሒሳቡ ሴሚስተሩ ካለቀም በኋላ በየሳምንቱ ሲጠራችሁ ይኖራል።

የመጀመሪያው ቀን ከተመረጡት ቀኖች አንዱ ላይ መዋል አለበት። የማክሰኞን ፊዚክስ ሰኞ አስጀምራችሁ «በየማክሰኞው ይደጋገም» ብትሉት፣ የካላንደር ፋይሎች የጋራ ደንብ የሆነው RFC 5545 ውጤቱ ምን እንደሚሆን አልወሰነውም። አንዱ ካላንደር የማይኖር የሰኞ ክፍል ሊጨምርላችሁ ይችላል፣ ሌላው ላይጨምር ይችላል።

ስትጨርሱ በወር ሳይሆን በሳምንት እይታ አድርጉና ከስክሪንሾቱ ጎን ለጎን እዩት። የገዛችሁት አፕ ያበላሸውን ለመጠገንም ይኸው ነው የሚሠራው። ሁሉም ክፍል እኩል በአንድ ቀን ከተዛነፈ፣ ምስሉ ሳምንቱን ከእሁድ ጀምሮ ሳለ ከሰኞ እንደጀመረ ተቆጥሯል ማለት ነው፣ ወይም በተቃራኒው። አንዳንዱ መስመር ብቻ ወደ ግራ ከተገፋ ባዶ ሳጥን ተዘሏል። ሁሉም እኩል ሰዓት ከዘለለ የካላንደሩ የሰዓት ሰቅ ተሳስቷል። የከሰዓቶቹ ብቻ ሌሊት ላይ ካረፉ PM ጠፍቷል፤ ይህን ለማግኘት እይታውን ወደ ላይ ስባችሁ ሌሊቱን ማየት አለባችሁ፣ ብዙ ካላንደር ሲከፈት የሚያሳየው ቀኑን ነውና። ስታርሙም አንዱን ቀን ብቻ እንዳታስተካክሉ፤ All events የሚለውን ምረጡ።

የክፍል ጓደኞቻችሁ «ለእኛም» ካሏችሁ አራቱን ምዝገባ «ክፍል» ባላችሁት ለብቻው ባለ ካላንደር ውስጥ ሥሩት። ከኮምፒውተር የካላንደሩን ሴቲንግ ከፍታችሁ Export ስትሉት .ics ይሰጣችኋል፣ መደጋገሙም አብሮ ይሄዳል። እሱን ላኩላቸው፣ የአፑን ዋጋ ማንም አይከፍልም።