«ጂሜይል እናወጣለን» የሚል ጽሑፍ ካያችሁ ቆም በሉ

ሐዋሳ ያላችሁ፣ ስልክ ቤት ገብታችሁ «ፓስወርዴ ጠፋብኝ» ከማለታችሁ በፊት ይቺን አንብቡ። እኔ 600 ብር ከፍዬ ነው የተማርኩት።

የጂሜይሌን ፓስወርድ ረሳሁት። ለመመለሻ ያስመዘገብኩት ሲም ደግሞ ከጠፋ ሁለት ወር ሆኖታል። ኢሜይሉ ግን ስልኬ ላይ እንደተከፈተ ነበር፤ መልእክት ይገባል፣ ይወጣል። ያቃተኝ ሌላ ኮምፒውተር ላይ መክፈት ብቻ ነው።

መናኸሪያ አካባቢ አንድ ሱቅ መስታወት ላይ «ጂሜይል እናወጣለን» ተለጥፏል። ገባሁ። ልጁ «ቀላል ነው እህቴ፣ ግማሽ ሰዓት» አለኝ። ማኪያቶዬን ጠጥቼ ስመለስ ስልኬ ባዶ ሆኖ ጠበቀኝ። ፎቶ የለ፣ ስልክ ቁጥር የለ። የማላውቀው አዲስ ጂሜይል ተከፍቶበታል። «ይኸው ወጣልሽ!»

ለካ በስልክ ቤት ቋንቋ «ጂሜይል ማውጣት» ሌላ ነገር ነው። አንድሮይድ ስልክ ፎርማት ሲደረግ «የድሮውን ጂሜይል አስገባ» ብሎ ይቆለፋል። እነሱ የሚሰብሩት ያንን የስልክ ቁልፍ ነው። ስልኩ ይከፈታል። ኢሜይሉ ግን ያለው ጎግል ዘንድ ስለሆነ እዚያው እንደተቆለፈ ይቀራል።

ከገንዘቡ በላይ የቆጨኝ ሌላ ነው። ጎግል ባለቤቱን ከሚለይባቸው ነገሮች አንዱ አካውንቱ የተከፈተበት ስልክ ነው። ፎርማት ከመደረጉ በፊት «ፓስወርድ ረሳሁ» ብዬ ብሞክር፣ እዚያው ስልክ ላይ «አንቺ ነሽ?» የሚል ጥያቄ ሊመጣልኝ ይችል ነበር። አዎ ብዬ አዲስ ፓስወርድ አወጣ ነበር። በነጻ! ልጁ ያጠፋው ይህንን ማስረጃ ነው። ገንዘቤን ስጠይቀው ደግሞ «ስልኩ ሠርቷል አይደል?» አለኝ።

እንዴት እንደተመለሰልኝ ልንገራችሁ። ሲሙ በስሜ ስለነበር መታወቂያዬን ይዤ ኢትዮ ቴሌኮም ሄድኩ፤ ያንኑ ቁጥር በአዲስ ሲም አወጡልኝ። ቁጥሩ በሌላ ሰው ስም ቢሆን ወይም ብዙ ቆይቶ ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ቢሆን ኖሮ ይህ መንገድ ዝግ ነው። ከዚያ በኋላ ኢንተርኔት ካፌ ኮምፒውተር ላይ አልሞከርኩም። ድሮ ጂሜይሌን የምከፍትበት የእህቴ ላፕቶፕ ላይ፣ እዚያው ቤት ዋይፋይ ላይ ሆኜ g.co/recover ገባሁ። ጎግል የሚያውቀውን ኮምፒውተርና ቦታ ያያል። የምታስታውሺውን የመጨረሻ ፓስወርድ ሲለኝ አላለፍኩትም፣ የቀድሞውን ገምቼ ጻፍኩ። በ«G-» የሚጀምር ኮድ በኤስኤምኤስ መጣ። ገባሁ።

ያንን ኮድ «ልኪልኝና ላስተካክልልሽ» የሚል ካጋጠማችሁ ስልኩን ዝጉበት። ኮዱን የያዘ ሰው አካውንቱን በራሱ ፓስወርድ ይቆልፈዋል። ጎግል ለመመለስ ሳንቲም አይጠይቅም፤ ከፍላችሁ የምታልፉበት ሌላ በርም የለም።

ስልካችሁ ላይ ኢሜይላችሁ ገና ክፍት ከሆነ ለማንም አትስጡት። ዛሬውኑ የስልክ ቁጥሮቻችሁን ወደ ፋይል አውጥታችሁ ለሌላ ስልክ ላኩ፣ እሱ ፓስወርድ አይጠይቅም። የእኔ ፎቶዎች ጎግል ላይ ያልተቀመጡት አልተመለሱም።