በየደረጃው ወይስ በየቧንቧው?

ደሴ ላይ ባዶ ታንከር አለ እንበል። አንደኛው ቧንቧ ብቻውን በ12 ሰዓታት፣ ሁለተኛው በ15 ሰዓታት ይሞላዋል። አንደኛው ጠዋት 2 ሰዓት ተከፈተ። 4 ሰዓት ላይ ሁለተኛው ተጨመረ። 6 ሰዓት ላይ አንደኛው ተዘጋ። ታንከሩ መቼ ይሞላል?

ብዙ ተማሪ በየደረጃው ይሄዳል። መጀመሪያ አንደኛው ብቻውን 2/12፣ ቀጥሎ ሁለቱ አብረው 3/10፤ ድምሩ 7/15። የቀረውን 8/15 ሁለተኛው በ8 ሰዓታት ይጨርሳል። ልክ ነው፤ ግን ክፍልፋዩ ያደክማል።

እኔ በየቧንቧው ብቆጥር ይሻለኛል። አንደኛው በጠቅላላው 4 ሰዓታት ሠራ፣ ሲሶውን ሞላ። ሁለት ሲሶው ለሁለተኛው ቀረ፤ 10 ሰዓታት ማለት ነው። ከረፋዱ 4 ሰዓት ተነስቶ ምሽት 2 ሰዓት። አለቀ!

ማፍሰሻ ካለ ግን በየደረጃው ሂዱ። ታንከሩ መሃል ላይ ሞልቶ ፈስሶ ወይም ባዶ ቀርቶ ከሆነ፣ በየቧንቧው መቁጠር አያሳይም።